የአሳማኝ ድርሰት ማርክ፦ ክርክሩን ከሰዋስው የሚለየው ሩብሪክ የትኛው ነው?

አሳማኝ ድርሰት አርመን የምንሰጠው ማርክ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር በአንድ ቁጥር ይሸፍናል። አንደኛው ተማሪው ያቀረበው ምክንያት ምን ያህል ያሳምናል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጽሑፉ ከሰዋስው ስህተት ምን ያህል የጸዳ ነው የሚለው። ድሬዳዋ ውስጥ ለምናስተምር ይህ መደባለቅ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ዴስክ ላይ በአማርኛ አፉን የፈታ ልጅና ቤቱ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪኛ የሚያወራ ልጅ አብረው ይቀመጣሉ። ሁለቱም ማሰብ ይችላሉ። በአማርኛ የመጻፍ ዕድላቸው ግን እኩል አልነበረም።

ስለዚህ የማረሚያ መስፈርት፣ ማለትም ሩብሪክ፣ ስንመርጥ ዋናው ጥያቄ አንድ ነው። ክርክሩ የሚገባውን ማርክ ሰዋስው ሳይነካው ያገኛል ወይ? በየስታፍ ክፍሉ የምናያቸውን አራት አማራጮች በዚህ ጥያቄ ላወዳድራቸው።

ሁለት ወረቀቶች

ንጽጽሩ በአየር ላይ እንዳይቀር ለማሳያ ሁለት አጫጭር ጽሑፎች አዘጋጅቻለሁ። ርዕሱ የድሬ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነው፦ «በደቻቱ አሸዋ ላይ መነገድ ይከልከል ወይስ አይከልከል?» በከተማዋ መሃል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ንግድም ይዘረጋበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ያው አሸዋ በሌሊት ጎርፍ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። በሁለቱም ወገን የሚባል ነገር ስላለ ለክርክር ይመቻል።

ወረቀት ሀ እንዲህ ይላል፦

«ንግድ የአንድ አገር የጀርባ አጥንት ነው። የደቻቱ ነጋዴዎችም የከተማችን ኩራት ናቸው። ሠርቶ መብላት መብት መሆኑን ሁሉም ሰው ያውቃል። ስለዚህ እነዚህን ወገኖቻችንን ማንም ሊነካቸው አይገባም።»

ወረቀት ለ ደግሞ፦

«እናቴ ደቻቱ አሸዋ ላይ ልብስ ይሸጣል። የ1998 ጎርፍ ሌሊት ነበረ የመጣው። እዚህ ሳይዘንብ ደንገጎ በላይ ከዘነበ ውሃው ይመጣል፣ ስለዚህ ሰማዩ አይቶ መሸሽ አይቻልም። ግን ነጋዴዎቹ ዝም ብሎ ቢከለክሉ ሌላ ቦታ የለውም፣ ነገ ተመልሶ ይመጣል። መጀመሪያ ቦታ ስጡ፣ ከዛ ከልክሉ።»

የመጀመሪያው አማርኛው ያምራል። ግን ጎርፉን አንዴም አላነሳም። ሁለተኛው «ትሸጣለች» ማለት ሲገባው «ይሸጣል» ይላል፤ «ሰማዩን» እና «ነጋዴዎቹን» የሚሉት ላይ «ን» ጎድሏል፤ ብዙና ነጠላ ተደበላልቋል። ክርክሩ ግን ቁም ነገር አለው። አደጋው ለምን ሳይታይ እንደሚመጣ ያስረዳል፤ መከልከል ብቻውን ለምን እንደማይሠራ ይናገራል፤ መፍትሔውን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል።

እነዚህ ከሙሉ ድርሰቶች የተቆረጡ አንቀጾች ናቸው እንበል። በሙሉ ድርሰቱ ወረቀት ሀ 2 ስህተት፣ ወረቀት ለ 18 ስህተት አለበት እንበል።

አንደኛው አማራጭ፦ ከ20 ተነስቶ መቀነስ

ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ለእያንዳንዱ ስህተት ግማሽ ማርክ መቀነስ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ፈጣን ነው። ተማሪው ቢከራከርም ስህተቱን በጣት ማሳየት ይቻላል። በዚህ መንገድ ወረቀት ሀ 19 ያገኛል፣ ወረቀት ለ 11።

ይህ ዘዴ የሚለካው ሰዋስውን ብቻ ነው። የጎደለ ማስረጃ ቀይ አይሰመርበትም፤ የሌለ ነገር ላይ ማስመር አይቻልማ። ሌላም ጉዳት አለው። ረጅም የጻፈ ተማሪ ብዙ የሚሳሳትበት ቦታ ስላለው ከአጭር ጸሐፊው በላይ ይቀነስበታል። ተማሪዎች ይህን ቶሎ ይነቁበታል፤ አጭርና የተለመደ ዓረፍተ ነገር ብቻ መጻፍ ይጀምራሉ። ለቃለ ጽሕፈት ወይም ለሰዋስው ልምምድ ይሁን። ለአሳማኝ ድርሰት ግን አይሆንም።

ሁለተኛው፦ ጥቅል ማርክ

ጽሑፉን አንዴ አንብቦ «ይሄ 15 ነው» ማለት ነው። ልምድ ያለው መምህር በዚህ መንገድ ጥሩ ደረጃ ሊያወጣ ይችላል፤ ብዙ ወረቀት ላለበት ሰውም ይቀልለዋል። ችግሩ ማርኩ ከምን እንደመጣ መምህሩም በኋላ ሊያስረዳ አለመቻሉ ነው። አንዱ ጎልቶ የታየ ባሕርይ ሌላውን ሁሉ የማቅለም ጠባይ አለው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1920 እ.ኤ.አ. የጦር መኮንኖች ለበታቾቻቸው የሰጡትን ግምገማ ሲመረምር ይህንኑ አይቷል። ቁመናው ጥሩ የተባለው ወታደር ብልህነቱም፣ መሪነቱም ጥሩ ይባል ነበር። ድርሰት ላይ ቁመናው ሰዋስው ነው። «እናቴ ይሸጣል» የሚል መስመር መጀመሪያ ላይ ያነበበ መምህር ቀጥሎ የሚመጣውን ሐሳብ አሳንሶ ያነባል።

ሦስተኛው፦ በዝርዝር ሰጥቶ መደመር

እዚህ ላይ ሩብሪክ የሚባለው ነገር ይጀምራል። ክርክሩ ለብቻው፣ ቋንቋው ለብቻው ተዘርዝሮ ይታረምና በመጨረሻ ይደመራል። እኔ የምመርጠው አከፋፈል ለክርክር 12፣ ለቋንቋ 8 ነው።

የክርክሩ 12 አራት ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል። አቋሙ ምንድን ነው? ማስረጃው ምንድን ነው? ማስረጃው ከአቋሙ ጋር በምን ይያያዛል? ለተቃራኒው ሐሳብ ምን መልስ ሰጠ? አቋምን፣ ማስረጃንና ሁለቱን የሚያገናኘውን ምክንያት እንዲህ ነጣጥሎ ማየት በ1958 እ.ኤ.አ. እስጢፋን ቱልሚን የተባለው ፈላስፋ ካቀረበው የክርክር ትንተና የመጣ ነው። የቋንቋው 8 ደግሞ የጾታና የቁጥር ስምምነት፣ የዓረፍተ ነገር አወቃቀር፣ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ፣ የቃላት አጠቃቀም ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2።

ዋናው ሥራ ያለው ደረጃዎቹን በቃላት መግለጽ ላይ ነው። «በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ» ብሎ መጻፍ ጥቅል ማርክን በአራት ቦታ መድገም ነው። ማስረጃን ልውሰድ። 0 ማለት ማስረጃ የለም። 1 ማለት «ሁሉም ሰው ያውቃል» ዓይነት፣ ማንም ሊያጣራው የማይችል ነገር ቀርቧል። 2 ማለት ቦታ፣ ጊዜ ወይም ድርጊት ያለው አንድ ተጨባጭ ነገር ተጠቅሷል። 3 ማለት ተጨባጩ ነገር አቋሙን ለመሸከም ይበቃል። ተቃራኒ ሐሳብም እንደዚሁ ነው። 0 አልተነሳም፤ 1 ተነስቶ መልስ አላገኘም፤ 2 መልስ አግኝቷል፣ ግን ተቃራኒው በደካማ መልኩ ነው የቀረበው፤ 3 ጠንካራው ተቃውሞ ራሱ መልስ አግኝቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በክርክሩ መስፈርት ውስጥ «ግልጽ»፣ «ማራኪ»፣ «የተዋጣለት አገላለጽ» የሚሉ ቃላት አይግቡ። ብዙ ሩብሪኮች «አቋሙን በግልጽ አስቀምጧል» ይላሉ፤ ሰዋስው ሾልኮ የሚገባው በዚህች ቃል ነው። «ሰማዩ አይቶ መሸሽ አይቻልም» ለአንዱ መምህር ግልጽ ነው፣ ለሌላው አይደለም። በምትኩ «አንባቢው ጸሐፊው የቱን ወገን እንደያዘ መናገር ይችላል» በሉ። ይህ በአዎ ወይም በአይ የሚመለስ ነው።

አሁን ሁለቱን ወረቀቶች እናርማቸው። ወረቀት ሀ አቋሙ ይታወቃል፣ ግን ምን ያህል ድረስ «አይነካ» እንደሚል አይታወቅም፤ 2። ማስረጃ ብሎ ያቀረበው ሊጣራ የማይችል አጠቃላይ አባባል ነው፤ 1። «ንግድ የጀርባ አጥንት ነው» ከሚለው ተነስቶ «እዚህ አሸዋ ላይ ይነገድ» የሚለው ላይ የሚያደርስ ምክንያት የለም፤ 0። ጎርፉ አልተነሳም፤ 0። ድምሩ 3 ከ12። ቋንቋው 8 ከ8።

ወረቀት ለ አቋሙ በቅደም ተከተል ተቀምጧል፤ 3። የ1998ቱን ጎርፍና የእናቱን ሥራ ጠቅሷል፣ ሌላ ቦታ ስለመኖሩ ግን ምንም አላቀረበም፤ 2። ከላይ ዘንቦ እዚህ ስለሚደርስ ሰማይ አይቶ ማምለጥ አይቻልም የሚለው ማያያዣ የተሟላ ነው፤ 3። የነጋዴውን ችግር አንስቶ መልሷል፤ ግን «ዝናብ በሌለበት ወር ምን አለበት?» የሚለውን ጠንካራ ተቃውሞ አልነካም፤ 2። ድምሩ 10 ከ12። ቋንቋው ስምምነት ላይ 0፣ ሌሎቹ ላይ አንድ አንድ፤ 3 ከ8።

ሲደመር ወረቀት ሀ 11፣ ወረቀት ለ 13 ሆነ። ቅደም ተከተሉ ተስተካክሏል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሁለቱ ፍጹም የማይመሳሰሉ ጸሐፊዎች በሁለት ማርክ ብቻ ተለያዩ። 11 ያገኘው ልጅ ሰዋስው የሚያጠና ይመስለዋል፤ እሱ የሚጎድለው ግን ማስረጃ ነው። መደመሩ ማርኩን ፍትሐዊ ቢያደርገውም መረጃውን አጠፋው።

መደመር ሌላም ስውር ችግር አለበት። 12 ለክርክር ስለሰጠን ክርክሩ ይበልጥ ይወስናል ብለን እናስባለን። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። መምህሩ ክርክር ላይ ፈርቶ ለሁሉም 6፣ 7 ወይም 8 ሰጥቶ፣ ቋንቋ ላይ ግን ከ1 እስከ 8 ከዘረጋ፣ የክፍሉን ደረጃ የሚያወጣው ቋንቋው ይሆናል። የሚወስነው የተሰጠው ጣሪያ ብቻ ሳይሆን ማርኩ ምን ያህል እንደተዘረጋ ነው። ይህን ለማወቅ ማርክ ሊስቱ ላይ የእያንዳንዱን ዓምድ ትልቁንና ትንሹን ቁጥር አክብቡ። የክርክሩ ዓምድ ከቋንቋው ጠባብ ከሆነ 12 እና 8 የሚለው አከፋፈል ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው።

አራተኛው፦ ሁለት ማርክ፣ ሳይደመር

መስፈርቱ ከሦስተኛው ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ሁለት ቁጥር መጻፉ ነው። ለሀ «ክርክር 3/12፣ ቋንቋ 8/8»፣ ለለ «ክርክር 10/12፣ ቋንቋ 3/8»። እያንዳንዱ ልጅ ቀጥሎ የሚሠራውን ከቁጥሩ ያነባል። ለተከታታይ ምዘና ከአራቱ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

አስተራረሙ ግን አብሮ ካልተለወጠ ሁለት ቁጥር መጻፍ ብቻውን ምንም አይለይም። መጀመሪያ የሁሉንም ወረቀት ክርክር ብቻ እረሙ። በዚህ ዙር ቀይ እስክሪብቶ አይነሳ፤ እጅ ፊደል ማረም ከጀመረ አእምሮም ይከተለዋል። የክርክሩን ማርክ የወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፉት። ከዚያ ወረቀቶቹን ቀላቅላችሁ፣ ጀርባውን ሳታዩ ለቋንቋው እንደገና ያዙ።

«60 ተማሪ ላለው ክፍል ሁለቴ ማንበብ ከየት ይመጣል?» የሚል ትክክለኛ ቅሬታ ይነሳል። መልሱ ቋንቋውን በናሙና ማረም ነው። የሰዋስው ጠባይ በመጀመሪያዎቹ 150 ቃላት ውስጥ ይታያል። እዚያ ላይ መስመር አስምሩና እስከዚያ ብቻ ተመልከቱ። ሁሉም በእኩል ርዝመት ስለሚለካ ብዙ የጻፈውም አይጎዳም። ክርክርን ግን በናሙና ማረም አይቻልም። የተቃራኒው መልስ መጨረሻ አንቀጽ ላይ ሊሆን ይችላልና።

ስህተትም በዓይነት ይቆጠር እንጂ በብዛት አይቆጠር። «ን» አሥር ቦታ የጣለ ልጅ አሥር ነገር አይደለም ያላወቀው፤ አንድ ነገር ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ወይም ሰ እና ሠ ቢቀያየሩስ? የታተሙ ጽሑፎችም በዚህ ስለሚለያዩ እኔ አልቆጥረውም። የእናንተ ክፍል ይህን የተማረ ከሆነ ግን መቆጠሩን አስቀድማችሁ ንገሩ።

ድንበር ላይ የሚቆሙ ነገሮች

ሦስተኛውንም ሆነ አራተኛውን ብትመርጡ የሚያከራክር ቦታ አለ። አያያዥ ቃላት የየትኛው ወገን ናቸው? «ስለዚህ» ያለቦታው ቢገባ የሰዋስው ስህተት ነው ወይስ የክርክር?

መለያው ቀላል ነው። ስህተቱን በልባችሁ አስተካክሉትና እንደገና አንብቡ። ሐሳቡ ከቆመ የቋንቋ ስህተት ነው። ካልቆመ የክርክር ነው። አንድ ልጅ «ደቻቱ ላይ መነገድ አደገኛ ነው፣ ስለዚህ ጎርፍ ሳይታሰብ ይመጣል» ብሎ ቢጽፍ፣ «ምክንያቱም ጎርፍ ሳይታሰብ ይመጣል» ስንለው ይስተካከላል። ያጠፋው ቃል መምረጥ ላይ ነው፤ የሚቀነሰው ከቋንቋው ነው። የወረቀት ሀ «ስለዚህ» ግን ቦታው ላይ ያለ ይመስላል። ምንም ቃል ብትተኩበት ከኩራት ወደ «አይነኩ» የሚያደርስ ድልድይ የለም። ሰዋስው ምንም አልጎደለውም፤ የጎደለው ምክንያት ነው።

አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቴ ተነቦ ካልገባስ? ለክርክሩ የገባችሁን ያህል ብቻ ስጡ፣ ቦታው ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉ፣ ልጁን ጠርታችሁ በቃል ጠይቁት። በቃል ጥሩ አድርጎ ካስረዳ የክርክሩን ማርክ አስተካክሉለት። የመጻፍ ችግሩ በቋንቋው ዓምድ አንዴ ተቆጥሮበታል፤ ሁለቴ መቅጣት የለበትም።

መለየቱ እንደሠራ በምን ይታወቃል?

ጥሩ ክርክር ያለውን ግን ስህተት የበዛበትን አንድ ወረቀት ውሰዱ። ሰዋስውን ብቻ አስተካክላችሁ፣ ሐሳቡን ሳትነኩ ገልብጡት። አንዱን ቅጂ ለአንድ ባልደረባ፣ ሌላውን ለሌላ ባልደረባ ስጡና ክርክሩን ብቻ ያርሙላችሁ። ልዩነታቸው ከ1 ማርክ ካልበለጠ መስፈርታችሁ ይሠራል። የተስተካከለው ቅጂ ሦስትና አራት ማርክ ከበለጠ ሰዋስው በአንዱ ጥያቄ በኩል እየገባ ነው። አራቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ልዩነቱ የት እንደሰፋ ይታያል። ብዙውን ጊዜ የሚሰፋው «ማስረጃው ከአቋሙ ጋር በምን ይያያዛል» የሚለው ላይ ነው፤ እዚያ ላይ መምህሩ የአያያዥ ቃል ስህተትን እንደ ምክንያት ጉድለት ይቆጥራል። በሁለት ሰው የሚደረግ ሙከራ ስለሆነ አንዱ በተፈጥሮው ማርክ የሚቆጥብ ሊሆን ይችላል። በሌላ ወረቀት ቅጂዎቹን አቀያይራችሁ ድገሙት።

እንደ ሁኔታው መምረጥ

ለተከታታይ ምዘና፣ በተለይ የተለያየ አፍ መፍቻ ቋንቋ ላለው ክፍል፣ አራተኛውን ያዙ። ማርክ ሊስቱ አንድ ቁጥር ብቻ የሚቀበል ከሆነ እዚያ ላይ ደምሩ፤ ወደ ተማሪው የሚመለሰው ወረቀት ላይ ግን ሁለቱ ቁጥሮች ይቆዩ። ለሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተና ሦስተኛው ይበቃል፤ የዓምዶቹን ስፋት ማየት ግን አትርሱ። ጥቅል ማርክ የሚያገለግለው ውድድር ሲኖርና ከብዙ ወረቀት የተወሰኑትን ለይቶ ለማስቀረት ብቻ ነው።

አከፋፈሉ ራሱ እንደ ዓላማው ይለወጣል። በአይኤልትስ ፈተና የድርሰት ክፍል አራት እኩል መስፈርቶች አሉ፤ ከእነሱ ሁለቱ፣ ቃላትና ሰዋስው፣ የቋንቋ ናቸው። ግማሹ ለቋንቋ የሆነው ፈተናው የቋንቋ ችሎታ ፈተና ስለሆነ ነው። እኛ «አሳምኑ» ብለን ጠይቀን ግማሹን ለሰዋስው ከሰጠን የጠየቅነውን አላረምንም። በሌላ በኩል ያለፉትን ሦስት ሳምንት ስምምነትን ሲያስተምር የቆየ መምህር ስምምነትን ከ0 እስከ 4 ቢያደርገው መብቱ ነው፤ ድርሰቱ ከመጻፉ በፊት ለተማሪዎቹ መንገር ብቻ አለበት።

ወረቀቱ ሲመለስ በየዓምዱ አንድ አንድ መስመር ጻፉ። ለወረቀት ሀ፦ «ጎርፉ ቢመጣስ ለሚል ሰው ምን ትመልስለታለህ? አንድ አንቀጽ ጨምረህ ሐሙስ አምጣ።» ለወረቀት ለ፦ «ክርክርህን አትንካው። ‹ን› የጎደለባቸውን ቦታዎች ፈልግና ራስህ አስገባ፤ ከዚያ ግሱን ከባለቤቱ ጋር አስማማ።» የሁለቱ ልጆች የቤት ሥራ የተለያየ ነው። ሐሙስ ሲመለሱም የሚታረመው የተሠራበት ዓምድ ብቻ ነው።